«ቆንጆ» ሲባል ማሽኑ ምን ያያል?

በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚሠሩ የኤአይ መሣሪያዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ቡና የምታፈላ ቆንጆ ኢትዮጵያዊት፣ እጅግ ማራኪ፣ አስደናቂ ምስል»። የሚመጣለት ሥዕል በጥራት አይታማም። የሴትየዋ ፊት ግን የመዋቢያ ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ያለ ልክ ለስልሷል፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ደብዝዟል፣ ወርቃማ ብርሃን በየቦታው ፈሷል። ጀበናው የናስ ማንቆርቆሪያ ሆኖ፣ ስኒው ጆሮ አውጥቶ ሊመጣም ይችላል። ቤቱ የማንም ቤት አይመስልም።

ምክንያቱ ማሽኑ የተማረበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን ከኢንተርኔት በተለቀሙ እጅግ ብዙ ምስሎችና ከምስሎቹ ጋር በተያያዙ አጫጭር ጽሑፎች ነው የሠለጠነው። «ጀበና» ወይም «መስኮት» የሚል ጽሑፍ ካለበት ምስል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ራሱ አለ። «ቆንጆ» የሚለው ቃል ግን በሠርግ ፎቶም፣ በጀንበር መጥለቂያም፣ በሶፋ ማስታወቂያም፣ በቡችላ ሥዕልም ሥር ተጽፏል። እነዚህን የሚያገናኛቸው አንድ የሚታይ ነገር የለም፤ ካለም ለገበያ የተወለወለ መልካቸው ነው። ቃሉን የጻፈ ሰው የሚያገኘውም ይህንኑ ውልወላ ነው።

ሌላም አለ። ይኸው ሞዴል በኋለኛው የሥልጠናው ደረጃ ላይ፣ ውበትን የሚመዝን ፕሮግራም ከፍ ያለ ነጥብ በሰጣቸው ምስሎች ነበር የተገራው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀው እንኳ ወደ ማማር ያደላል። «ማራኪ» ብሎ መጨመር ያለውን ዝንባሌ መግፋት ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ጸሐፊው አይወስንም።

ታዲያ በምን ይተኩት? እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ አንድ ነው፦ ምስሉ ተሠርቶ ቢያልቅ፣ ቃሉ የሚለውን ነገር በጣት ማሳየት ይቻላል? «ማራኪ»ን ማንም በጣቱ አያሳይም። ጢስን፣ ጥላን፣ የጀበናን አንገት ግን ያሳያል። የቡናውን ሥዕል በዚህ መንገድ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች ጠይም ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጥቁር የሸክላ ጀበና ቡና ትቀዳለች። የጀበናው ሆድ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን ነው። ትንንሽ ነጭ ጎድጓዳ ስኒዎች በዝቅተኛ የእንጨት ረከቦት ላይ ተደርድረዋል። ብርሃን የሚገባው በግራ ካለች አንዲት ትንሽ መስኮት ነው፤ የዕጣን ጢስ በብርሃኑ ውስጥ ይታያል፤ የክፍሉ ቀኝ ጎን ጨለማ ነው። ካሜራው በተቀመጠ ሰው ዐይን ከፍታ ላይ ነው።»

እዚህ ውስጥ ከፍተኛውን ሥራ የሚሠራው ብርሃኑ ነው። አንድን ፎቶ አይተን «ሲያምር!» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ መጥቶ አንዱን ጎን ገልጦ ሌላውን ስለሚሸፍን ነው። ከየት እንደሚመጣ፣ በምን በኩል እንደሚገባ፣ ምን ላይ እንደሚያርፍና የት እንደማይደርስ ሲነገረው፣ ማሽኑ በየቦታው የሚረጨውን ወርቃማ ቀለም ይተዋል። ዕድሜዋ መነገሩም ፊቷን ከማስታወቂያው ልስላሴ ያወጣዋል። የካሜራው ከፍታ ደግሞ ተመልካቹን እንግዳ ሆኖ ከጎኗ የተቀመጠ ያስመስለዋል።

ጀበናውን በስሙ መጥራት ብቻ አለመበቃቱን ልብ ይሏል። ማሽኑ የጀበና ምስል ያየው ከሻይ ማንቆርቆሪያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቅርጹና የተሠራበት ነገር አብሮ መነገር አለበት። ስኒውም «ጆሮ የሌለው» አልተባለም፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች አሉታን በደንብ ስለማይይዙ «ጆሮ» የሚለውን ቃል አይተው ጆሮውን ይሠሩታል። የምንፈልገውን ቅርጽ መናገር የማንፈልገውን ከመከልከል ይሻላል።

ዝርዝር ማብዛትም የራሱ ጣጣ አለው። በመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች ጽሑፉን የሚያነበው ክፍል በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 77 የቃል ቁርጥራጮችን ብቻ ነው፤ ትርፉ ይቆረጣል። «አስደናቂ፣ ድንቅ፣ እጹብ» እያሉ መደርደር ለመስኮቱና ለጢሱ የሚሆነውን ቦታ ይበላል። ይህ ክፍል በዋናነት የተማረው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ዝርዝሩን በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይጠይቃል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ረጅም ጽሑፍ ይቀበላሉ፤ ቀለም ግን በእነሱም ላይ አንዳንዴ ቦታውን ይስታል። ሴትየዋ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ትልበስ ሲባል አረንጓዴው ግድግዳው ላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሌሎቹን ዕቃዎች ቀለም ለጊዜው ማንሳትና «የቀሚሷ ጥለት አረንጓዴ፣ ግድግዳው የጭቃ ቀለም» ብሎ እያንዳንዱን ቀለም ከባለቤቱ ጋር ማሰር ይረዳል። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው፤ አለዚያ የትኛው ቃል ምን እንዳመጣ አይለይም።