የሙከራ ጊዜ፦ ሠራተኛው ይዞት የሚገባውና ገና የሚጠብቀው መብት



ተመርቀው ሥራ ከያዙ ተማሪዎቼ ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ገና በሙከራ ላይ ነኝና መብት አለኝ ወይ?» ጥያቄው ራሱ አንድ የተሳሳተ እምነት ይዟል፤ የሙከራ ጊዜ ከሕግ ውጭ የሆነ ጊዜ ነው የሚል እምነት። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11ን መሠረት በማድረግ ይህን እምነት እመረምራለሁ። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

የአንቀጹ መነሻ ቀላል ነው። የሙከራ ጊዜ ዓላማ ሠራተኛው ለተመደበበት ሥራ ተስማሚ መሆኑን ማየት ነው። ስለዚህ ስምምነቱ በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ በቃል ብቻ የተነገረ የሙከራ ጊዜ በሕግ ዓይን የለም። በአንድ አሠሪ ዘንድ ይሠራው ወደነበረው ሥራ ተመልሶ የተቀጠረ ሠራተኛም እንደገና ለሙከራ አይቀጠርም፤ ተስማሚነቱ ቀድሞ ታይቷልና።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛ፣ ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በስተቀር፣ ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ያሉት መብቶችና ግዴታዎች አሉት። ደመወዙ ይከፈለዋል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኛል፤ ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ጥበቃው አይቋረጥም። ቢሰናበት እንኳ ለሠራበት ጊዜ በተመጣጠነ መጠን የዓመት ዕረፍቱ ታስቦ በገንዘብ ይከፈለዋል።

«ሕግ በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ» የሚለው ሐረግ ግን ባዶ አይደለም። ከሥራ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም የሚሰጠውን የሕመም ፈቃድ አዋጁ የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። የስንብት ክፍያም እንደዚሁ። ጉንፋን የያዘው ጀማሪ ሠራተኛና ከመሰላል ወድቆ እጁ የተሰበረ ጀማሪ ሠራተኛ በሕጉ ፊት ለየቅል የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠሪው በሙከራ ጊዜ የተሰጠው ልዩ ሥልጣን አንድ ነው፦ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ውሉን ማቋረጥ። ሠራተኛውም በበኩሉ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ሥልጣኑ የታሰረው በተስማሚነት ላይ መሆኑን ልብ በሉ። እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ አዋጁ በአንቀጽ 26 ደንግጓል። በእኔ አነባበብ «አልተስማማኸንም» የሚለው ቃል ከእነዚህ አንዱን ለመሸፈን ከዋለ፣ አንቀጽ 11 ለአሠሪው ጋሻ አይሆነውም።

በተግባር ግን ብዙ ክርክር የሚነሣው በቀን አቆጣጠር ላይ ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሙከራውን በ45 ተከታታይ ቀናት ይገድብ ነበር፤ አዲሱ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። እስኪ አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሰኞ ሥራ ጀመረች እንበል። በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች፤ ውሏ ላልተወሰነ ጊዜ ሲሆን «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ይላል። በመካከሉ የሕዝብ በዓል ካልገባ፣ 60ኛው የሥራ ቀን የሚውለው በ10ኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። አሠሪዋ በ11ኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ማለትም በ64ኛው የሥራ ቀን፣ «ሙከራውን አላለፍሽም» የሚል ደብዳቤ ሰጣት።

ደብዳቤው ዘግይቷል። ውሉ ሦስት ወር ቢልም ከሕጉ ጣሪያ በላይ የተጻፈው አያስገድዳትም፤ ሙከራው ካለቀ በኋላ ሥራዋን በመቀጠሏም ውሏ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንደ ጸና ይቆጠራል። ስለዚህ ስንብቱ በቂ ሕጋዊ ምክንያት ይጠይቃል፤ በማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ከሆነም አገልግሎቷ ከአንድ ዓመት ስለማይበልጥ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይገባታል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ወደ ሥራ የማትመለስ ከሆነ፣ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ሲሆን የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ ይጨመርበታል። ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የምታቀርብ ከሆነ ግን በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለባት፤ ያ ጊዜ ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል።

እንግዲህ ያቺ ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ብትሠራ ኖሮ 60ው ቀን እስከ 12ኛው ሳምንት ዓርብ ይዘልቅ ነበር፤ ያው ደብዳቤም በጊዜው የደረሰ ይሆን ነበር። ስለዚህ የሥራ ውላችሁን ስትፈርሙ ቅጂውን ያዙ፤ የጀመራችሁበትን ቀንና በሳምንት የምትሠሩባቸውን ቀናት መዝግቡ። ክርክሩ ሲመጣ ዳኛው የሚቆጥረው እነዚህን ነው።