ሆስፒታሉ በአንድ እጁ የሚጥለውን ሙቀት በሌላው እጁ ይገዛል

የፍሪጃችሁን ጀርባ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ይሞቃል። ክረምት ላይ እናቴ አልደርቅ ያለ ካልሲ እዚያ ጋ ታሰጣ ነበር። እኔ ግን «ማቀዝቀዣ እንዴት ይሞቃል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ በጀርባው በኩል ወደ ውጭ ያወጣዋል። የእናቴ ካልሲ የሚደርቀው ከወተቱና ከቲማቲሙ በወጣ ሙቀት ነበር ማለት ነው።

ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ደግሞ ቺለር የሚባል ግዙፍ ፍሪጅ አለ። ውሃን እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዞ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይልካል። ከውሃው የለቀመውን ሙቀት ብዙውን ጊዜ ጣሪያ ላይ ያለ ኩሊንግ ታወር ወደ ሰማይ ይበትነዋል። በዚያችው ደቂቃ ምድር ቤት ያለው ቦይለር ነዳጅ እያቃጠለ ሙቅ ውሃ ያዘጋጃል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን አንድ ተቋም በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድን ዕቃ ከላይ በነፃ እየጣለ ከታች በገንዘብ ሲገዛ ሳይ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ይህንን የሚያስቀር ማሽን አለ። ሂት ሪከቨሪ ቺለር ይባላል። ውሃ ሲያቀዝቅዝ የለቀመውን ሙቀት አይጥለውም፤ 50 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ሙቅ ውሃ አድርጎ ለሕንፃው መልሶ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የማሽኑን መጠን ሲመርጥ ነው።

አንድ ክፍል ለምን በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል?

መጀመሪያ «ሙቀትና ቅዝቃዜ በአንድ ሰዓት ማን ይፈልጋል?» የሚለውን እንመልስ። ጥሩው ምሳሌ የቀዶ ጥገና ክፍል ነው።

የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር (አሽሬ) ለጤና ተቋማት ባወጣው መስፈርት፣ የቀዶ ጥገና ክፍል አየር በሰዓት 20 ጊዜ መቀያየር አለበት። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ60 በመቶ ያልበለጠ ይሁን ይላል።

ችግሩ እርጥበቱ ላይ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ላብ ሲያወጣ አይታችኋል አይደል? ከአየር ላይ እርጥበት የሚወገደውም በዚሁ መንገድ ነው። አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ አሳልፈው 13 ዲግሪ አካባቢ ያደርሱታል፤ ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ ይወርዳል። አሁን አየሩ ደርቋል፣ ግን በጣም ቀዝቅዟል። ይህን በሰዓት 20 ጊዜ ሐኪሞቹና ታካሚው ላይ ከለቀቁት ክፍሉ ከሚፈለገው በታች ይበርዳል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት እንደገና ያሞቁታል።

በቁጥር እንየው። 6 ሜትር በ6 ሜትር የሆነና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 108 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሃያ ጊዜ ሲቀየር በሰዓት 2,160 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያንን አየር ከ13 ወደ 18 ዲግሪ ለማሞቅ 3.6 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። ለአንድ ክፍል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አሥር ክፍል ካለ 36 ኪሎዋት ነው፤ ያውም አየሩ እስከተቀያየረ ድረስ ቀንና ሌሊት። በዚያ ላይ የኤምአርአይ ማሽኑ፣ የሰርቨር ክፍሉና ላቦራቶሪው ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ሻወሩ፣ ወጥ ቤቱና የልብስ እጥበቱ ደግሞ ሙቅ ውሃ ይፈልጋሉ።

40 ከፍለህ 400 ስታገኝ

ሒሳቡን የያዝኩት ማሽኑን ከተለመደው ቺለር ጋር ሳነጻጽረው ነው። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ግን ከእውነታው የራቁ አይደሉም።

ሆስፒታሉ 300 ኪሎዋት ቅዝቃዜ ይፈልጋል እንበል። የተለመደው ቺለር ይህን ለመሥራት 60 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይበላል። ሂት ሪከቨሪ ቺለሩ ግን ሙቀቱን እስከ 50 ዲግሪ መግፋት ስላለበት የበለጠ ይደክማል፤ 100 ኪሎዋት ይበላል። እስከዚህ ድረስ ውድ ነው። ግን ከውሃው የለቀመው 300 እና ኮምፕረሰሩ የበላው 100 ተደምረው 400 ኪሎዋት ሙቀት ሆነው በሌላው በኩል ይወጣሉ።

ቅዝቃዜውን ሆስፒታሉ ለማንኛውም ይገዛው ነበር። ስለዚህ የሙቀቱ ዋጋ ጭማሪው ብቻ ነው፤ 100 ሲቀነስ 60፣ 40 ኪሎዋት። በ40 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 400 ኪሎዋት ሙቀት! ከመቶ 85ቱን ሙቀት የሚያደርግ ቦይለር ለዚሁ 470 ኪሎዋት ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ጭማሪው ከነዳጁ እንዲወደድ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ ከነዳጁ ከ11 እጥፍ በላይ መሆን አለበት።

ግን እዚህ ጋ አንድ «ግን» አለ። ሒሳቡ የሚሠራው ቅዝቃዜውም ሙቀቱም በአንድ ሰዓት ሲፈለጉ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚፈልግ ከሌለ፣ 60 በሚበቃበት ቦታ 100 እየከፈልክ ነው።

ትልቁ ማሽን ለምን ይከስራል?

አሁን ዋናው ስህተት ጋ ደረስን። የአንድ ሆስፒታል ከፍተኛ የቅዝቃዜ ፍላጎት 1,200፣ ከፍተኛ የሙቀት ፍላጎት ደግሞ 900 ኪሎዋት ነው እንበል። ብዙ ሰው «እንግዲያው 900 ሙቀት የሚሰጥ ማሽን እንግዛ» ይላል። ሦስት ሰዓቶችን እንይና እንፍረድ።

በጣም ሞቃት ከሰዓት በኋላ ቅዝቃዜ 1,200፣ ሙቀት 250 ይፈለጋል። ማሽኑ ከ250 በላይ ሙቀት ቢሰጥ የሚቀበለው የለም። ስለዚህ 250 ሰጥቶ፣ 190 ገደማ አቀዝቅዞ ይቆማል። የቀረውን ቅዝቃዜ የተለመዱት ቺለሮች ይሠሩታል።

በቀዝቃዛ ንጋት ደግሞ ቅዝቃዜ 150፣ ሙቀት 700 ይፈለጋል። አሁን የሚያንሰው ቅዝቃዜው ነው። ከ150 ቅዝቃዜ የሚወጣው ሙቀት 200 ብቻ ነው። ቀሪውን 500 ቦይለሩ ይሞላል።

በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ያለው ሰዓት፣ ለምሳሌ አንድ መደበኛ ምሽት፣ ቅዝቃዜ 350፣ ሙቀት 400 ይፈልጋል። 400 የሚሰጥ ማሽን እዚህ ጋ ሙሉ ለሙሉ ይሠራል።

አሁን 900ውን ከ400ው ጋር አወዳድሩ። በከሰዓቱ ሁለቱም 250 ይሰጣሉ። በንጋቱ ሁለቱም 200፣ በምሽቱም ሁለቱም 400 ይሰጣሉ። ትልቁ ማሽን ከእጥፍ በላይ አቅም ይዞ በሦስቱም ሰዓት አንዲት ኪሎዋት አልጨመረም! እንዲያውም ይብሳል። በንጋቱ ከአቅሙ ሩብ በታች እየሠራ ነው። ኮምፕረሰር ደግሞ ከተወሰነ መጠን በታች ዝቅ ብሎ መሥራት አይችልም፤ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይበላሻል።

ስለዚህ መጠኑ የሚወሰነው በሁለቱ ፍላጎቶች መደራረብ ነው፤ ከፍተኛው ቁጥር አይጠቅምም። አሠራሩ ይሄ ነው፦ ለዓመቱ 8,760 ሰዓታት የቅዝቃዜና የሙቀት ፍላጎቱን ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ። ለየሰዓቱ የትኛው እንደሚገድብ አይታችሁ ማሽኑ ሊሰጥ የሚችለውን ትጽፋላችሁ። ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ትደረድሩታላችሁ። ብዙ ሺህ ሰዓት የሚሠራበት መጠን ይገዛል፤ ጥቂት መቶ ሰዓት ብቻ የሚታየው ጫፍ ይተዋል።

ከመለካቱ በፊት ግን ብክነቱ ይቀነስ። ባዶ የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የአየር ግፊቱ እስከተጠበቀ ድረስ ሌሊት የሚቀያየረውን አየር መቀነስ ይቻላል። ያኔ መቀዝቀዙም መልሶ መሞቁም ይቀንሳል። ይህን ሳያደርጉ ማሽን የገዙ ሰዎች በኋላ ሲቆጥቡ መደራረቡ ይጠብና ማሽኑ ሥራ ይፈታል።

50 ዲግሪ ለማን ይበቃል?

ሙቀቱን ወደ ላይ በገፋነው በእያንዳንዱ ዲግሪ ማሽኑ በግምት 2 በመቶ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት መሥራት ያዋጣል። የድሮ ሆስፒታሎች የማሞቂያ ቧንቧዎች ግን ብዙ ጊዜ የታሰቡት 80 ዲግሪ ውሃ ይመጣልናል ብለው ነው። ፍተሻው ርካሽ ነው፦ በቀዝቃዛ ወቅት የቦይለሩን ውሃ ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረጉ የትኛው ክፍል ቀድሞ «በረደኝ» እንደሚል ማየት። ሕንፃውን በሙሉ ከመቀየር የእነዚያን ጥቂት ክፍሎች ማሞቂያ በትልቅ መቀየር ይሻላል።

ለሻወርና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነው ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው። ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስለሚራባ፣ ሙቅ ውሃው 60 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። እዚህ ጋ ለቁጠባ ተብሎ ዝቅ ማድረግ በሕመምተኛ ሕይወት መቀለድ ነው። መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። ከ20 ዲግሪ የመጣውን ውሃ ማሽኑ 45 ያደርሰዋል፣ የቀረውን ሌላ ማሞቂያ ይጨርሰዋል። ከሚያስፈልገው ሙቀት ከ60 በመቶ በላይ እንዲህ ይሸፈናል። የሕክምና ዕቃ የሚመከንበት 121 እና 134 ዲግሪ እንፋሎት ግን ከዚህ ማሽን አይጠበቅም።

ሥራ መፍታቱ እንዴት ይታወቃል?

አቀማመጡ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሁሉን ያበላሻል። ማሽኑ ከሕንፃው የሚመለሰውን ውሃ ከቦይለሩ ቀድሞ ማግኘት አለበት። ቦይለሩ ከቀደመው ውሃው ሞቆ ይደርሰዋል፤ የሚጨምረው ስለሌለ ግፊቱ ከፍ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ኦፕሬተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነሳዋል፣ ከዚያ ይሰለቸውና ዘግቶት ይሄዳል።

ምልክቱን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ቦይለሩ እየነደደ፣ ኩሊንግ ታወሩ እየሠራ፣ መሐል ያለው ሂት ሪከቨሪ ቺለር ከቆመ ገንዘቡ እየባከነ ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉን ጨምሮ ግቢውን የሚያሞቀው በጋዝ ከሚሠራ ማመንጫ በሚወጣ እንፋሎት ነበር። የሰዓት በሰዓት መረጃውን ሲያገላብጡ ሙቀትና ቅዝቃዜ ለብዙ ሰዓት በአንድ ላይ እንደሚፈለጉ አዩ። በፈረንጆቹ 2015 እንፋሎቱን በሙቅ ውሃ ተክተው፣ ሂት ሪከቨሪ ቺለሮችን ዋና ማሽን አደረጉ። የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ግዙፍ ታንከሮችም አቆሙ፤ ቀን የተረፈው ሙቀት ሌሊት እንዲደርስ ማለት ነው። ቦይለርና የተለመደ ቺለርም አልጠፉም፤ ሆስፒታል አንድ ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ አያድርም።

እኛስ? አዲስ አበባ ነፋሻ ስለሆነች ከቀዶ ጥገና ክፍልና ከማሽን ክፍሎች ውጭ ብዙ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ላይኖር ይችላል። ያኔ መደራረቡ ጠባብ ነው፤ ማሽኑም ትንሽ መሆን አለበት፣ ወይም ጭራሽ አያስፈልግም። ነዳጁን በውጭ ምንዛሪ፣ ኤሌክትሪኩን በአብዛኛው ከራሳችን ውሃ የምናገኝ መሆናችን ሒሳቡን ወደ ማሽኑ ያደላል። የሁለቱ ፍላጎቶች የየሰዓት መዝገብ ሳይኖር ግን ሻጩ የሚያሳየው ቁጥር ማስታወቂያ ብቻ ነው። ለሁለት ቆጣሪና ለአንድ ዓመት ትዕግሥት የሚወጣው ገንዘብ፣ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም 900 ኪሎዋት ማሽን ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።