ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ወጣ ማለት አይደለም

የእንፍራንዝ ንጋት ብርድ ነው፤ ሊጥ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ ዳቦ ቤት በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ሥራ ይጀምራል። ምድጃው በጋዝ የሚሠራ አንድ ዳቦ ቤት እናስብ። አቡኪዋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገብታ የዱቄት ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ሸተታት። ቀና ስትል ሽታው ቀለል አለ።

ተረት፦ «የሚሸተው ጋዙ ራሱ ነው።»
እውነታ፦ የሲሊንደር ጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም። ሽታው ማፍሰሱ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚጨመር ቅመም ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኒው ለንደን ከተማ ሽታ የሌለው ጋዝ በትምህርት ቤት ሥር ተጠራቅሞ ፈነዳና 300 ያህል ሰው ፈጀ፤ የቴክሳስ ሕግ ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት ያስገደደው ከዚያ በኋላ ነው።

ተረት፦ «ሽታው ቀለል ካለ አደጋው አልፏል።»
እውነታ፦ አፍንጫ አንድን ሽታ ቶሎ ይለምዳል፤ ጉንፋን የያዘው ሰውማ ጭራሹን ላይሸተው ይችላል። ደግሞም የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። አቡኪዋ ጎንበስ ስትል የበረታባት ወለሉ ላይ ስለተኛ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለች መስኮት ብቻዋን አታስወጣውም፤ እስከ ወለል የሚደርሰው በር መከፈት አለበት።

ተረት፦ «መጀመሪያ መብራት አብርተን እንይ።»
እውነታ፦ ማብሪያው ሲጫን ዓይን የማያያት ብልጭታ ትወጣለች። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ሲተን 250 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህም 12 ሜትር ኩብ ገደማ አየር እሳት እንዲይዝ ለማድረግ ይበቃል። ስለዚህ የጠፋው መብራት አይበራ፣ የበራውም አይጥፋ፤ ማራገቢያና ስልክም አይነኩ። አቡኪዋ ሲሊንደሩ ጋ ያለ ስጋት መድረስ ከቻለች ቁልፉን በሰዓት አቅጣጫ አዙራ ትዘጋለች፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ሰዉን ሁሉ ይዛ ትወጣለች። ቁልፉ እምቢ ካለ ወይም ሽታው ከበረታ ግን ሳትታገል ትውጣ፤ እርዳታ የምትጠራው ውጭ ርቃ ቆማ ነው።

ተረት፦ «የሚያፈስሰውን ቦታ ክብሪት ያሳያል።»
እውነታ፦ የሚያሳየው የሳሙና አረፋ ነው። ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ምድጃው እንደተዘጋ፣ አረፋው በሲሊንደሩ አፍ፣ በመቆጣጠሪያውና በጎማው ጫፎች ላይ ይቀባል። ከዚያ ቁልፉ ጥቂት ይከፈታል። አረፋው ከተነፋ የሚያፈስሰው እዚያ ነው። ቁልፉ ወዲያው ተመልሶ ይዘጋል፤ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም ያረጀ የላስቲክ ቀለበት በፕላስተር አይጠገንም፣ ይቀየራል።

በመጨረሻ ማን እንደሸተተው፣ በስንት ሰዓት፣ ቆሞ ወይስ ጎንብሶ፣ አረፋው የት እንደተነፋና ምን እንደተቀየረ በደብተር ይጻፍ። በሚቀጥለው ወር ሽታው ከዚያው መጋጠሚያ ተመልሶ ከመጣ፣ የተቀየረው ጎማ ቢሆንም ጥፋቱ ከመቆጣጠሪያው ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁመው ያ ገጽ ነው።