ዳገቱን ያልጨረሰችው እንጨት

አንድ የብረት ሞላ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ የኋላ ጫፉ ግድግዳ ተደግፏል። 200 ግራም የምትመዝን የእንጨት ቁራጭ ከፊቱ አስጠግተን ሞላውን 10 ሳንቲ ሜትር ጨመቅነው። ይህ ሞላ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 4 ኒውተን ግፊት ስለሚጠይቅ፣ መጨረሻ ላይ 40 ኒውተን እየገፋን ነው ማለት ነው።

ሞላው ምን ያህል ጉልበት አጠራቀመ? ብዙ ተማሪ 40ን በ0.1 ሜትር አባዝቶ 4 ጁል ይላል። ልክ አይደለም። ግፊቱ ከዜሮ ተነስቶ ነው ቀስ በቀስ 40 የደረሰው፤ ስለዚህ የሚባዛው አማካዩ፣ 20 ኒውተን ነው። ውጤቱ 2 ጁል ይሆናል።

እንጨቷን ስንለቃት ሞላው 2ቱን ጁል ለእሷ ያስረክባል። በሰከንድ 4.5 ሜትር ገደማ እየከነፈች 30 ዲግሪ ያዘነበለ ሳንቃ ላይ ትወጣለች። እዚህ ላይ የጠረጴዛውና የሳንቃው መገናኛ ክብ ሆኖ መለሳለስ አለበት፤ ሹል ከሆነ እንጨቷ ትጋጭና ሂሳቡ ገና ከጅምሩ ይበላሻል።

ሰበቃ ባይኖር፣ 2 ጁል ይህቺን እንጨት 1.02 ሜትር ከፍ ያደርጋታል። ሳንቃው ቢቀናም ቢጋደምም ከፍታው ያው ነው፤ የሚለወጠው የመንገዱ ርዝመት ብቻ ነው። በ30 ዲግሪ መንገዱ የከፍታውን እጥፍ፣ 2.04 ሜትር ይሆናል። ከፍታውን በሳንቃው ርዝመት መለካት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው።

እንጨት በእንጨት ላይ ሲሄድ ግን ሰበቃ አለ። የእኛዋን 0.51 ኒውተን ወደ ኋላ ይይዛታል እንበል። እያንዳንዱ የሳንቃ ሜትር 0.98 ጁል ለከፍታ፣ 0.51 ጁል ለሰበቃ ያስከፍላታል። በጠቅላላው በሜትር 1.49 ጁል ስለሆነ 2ቱ ጁል 1.34 ሜትር ላይ ያልቃል፤ ከፍታዋም 67 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀሪው 0.68 ጁል አልጠፋም፤ ሙቀት ሆኗል። በእጅ ዳስሶ የሚያገኘው ግን የለም፤ እንጨቷን በዲግሪ መቶኛ እንኳ አያሞቃትም።

ስትመለስም ሰበቃው ያንኑ ያህል ድጋሚ ይቀበላታል። ሞላው ጋ የምትደርሰው 0.63 ጁል ይዛ ነው፤ የምትጨምቀውም 10 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን 5.6 ገደማ ነው።

ሰበቃው ሳንቃው ላይ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ ለሚፈልግ አንድ ዘዴ አለ። ሞላውን መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምቆ ይልቀቅ። የሞላው ጉልበት በጭምቂያው ካሬ ስለሚያድግ ሁለተኛው ጉዞ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ከ34 ሳንቲ ሜትር ወደ 1.34 ሜትር። ከአራት እጥፍ ከበለጠ፣ ለስላሳ ያልነው ጠረጴዛም ጉልበት እየበላ ነው።