ኩክ እንፈልጋለን፤ ደመወዙ ይኸው

መገናኛ ወይም ሃያ ሁለት አካባቢ በእግሩ የሚሄድ ሰው በየካፌው መስታወትና በየምሰሶው ላይ የሚያነበው ማስታወቂያ እምብዛም አይለያይም። «ልምድ ያለው ኩክ በአስቸኳይ እንፈልጋለን፤ ደመወዝ በስምምነት» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። በቴሌግራም የሚወጡትም ያው ናቸው። አንዳንዱ «ማራኪ ደመወዝ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ብሎ ይጨምራል። ብር የማይቀበል፣ ካሸር ጋር የማይደርስ ምግብ አብሳይ ለምን ተያዥ አምጣ እንደሚባል የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስልክ ያስጮኻል እንጂ ሰው አይለይም። ሰርግ ቤት ወጥ የምትሠራዋም ትደውላለች፣ ትልቅ ሆቴል የሠራው ሼፍም ይደውላል፣ ትናንት ከሥልጠና የወጣው ልጅም ይደውላል። ባለቤቱ የፈለገው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቢሮ ገቢው ሲጎርፍ ምድጃ ፊት ቆሞ፣ ቦኖ በቦኖ ላይ ሲደራረብበት የማይደናገጥ ሰው ነው የሚፈልገው። ሜኑ የሚያወጣውና ዋጋ የሚተምነው ሼፉ ነው፤ ኩኩ የወጣውን ሜኑ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ጣዕምና መጠን፣ በፍጥነት የሚያወጣ ነው። ሁለቱን ሳይለይ «ሼፍ እንፈልጋለን» ያለ ካፌ ሼፍ ቀጥሮ እንቁላል ያስጠብሰዋል፤ ሰውዬውም ሳይሰነብት ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ሥራው ነው። ቦሌ አካባቢ ያለ፣ ቁርስና ምሳ የሚበዛበት አንድ ካፌ እናስብ። ኩኩ ጠዋት ሲገባ ሽንኩርትና ቲማቲም ይከትፋል፣ የፉሉን ድስት ይጥዳል፣ የጨጨብሳውን ቂጣ ያዘጋጃል፣ የበርገሩን ሥጋ መዝኖ ያድቦለቡላል። በር ከተከፈተ በኋላ የሚመጣውን ቦኖ በቅደም ተከተል እያነበበ ያወጣል። ሲጨርስ ምድጃውን ያጸዳል፣ የተረፈውን ቀን ጽፎበት ፍሪጅ ያስገባል፣ ለነገ የጎደለውን ለስቶር ኃላፊው ያስመዘግባል። በእኛ አገር ካፌ ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ ሥራ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሙሉውን ጊዜ፣ የጾምና የፍስክ ትእዛዝ ጎን ለጎን ይመጣል። የፍስኩ መጥበሻ የጾሙን እንዳይነካ፣ እንቁላል የተጠበሰበት ዘይት ለጾም ድንች እንዳይውል መጠንቀቅ የኩኩ ኃላፊነት ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ካፌ ደንበኛውን መልሶ አያገኘውም። ይህ በማስታወቂያው አንድ መስመር ቢይዝ አይበዛበትም።

ብዙ ማስታወቂያ ግን እዚህ ላይ «እና ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» ብሎ ያልፋል። በዚያች ሐረግ ውስጥ ዕቃ ማጠብ፣ አትክልት ተራ ሄዶ መሸመት፣ አንዳንዴም አዳራሽ መወልወል ይገባል። ኩኩ ሳህን እንዲያጥብ የሚፈለግ ከሆነ ይጻፍ፤ የሚስማማው ይመጣል።

ቀጥሎ ሰዓት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ወስኖታል። ካፌያችን ኩኩን ከጠዋቱ 12 ሰዓት አስገብቶ በ9 ሰዓት ቢያስወጣውና መሐል ላይ አንድ ሰዓት ቢያሳርፈው 8 ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ 48 ይሞላል። ካፌው እሑድም ስለሚከፍት የዕረፍት ቀኑ ማክሰኞ ይሁን፤ ይህም ይጻፍ። «ከጠዋት እስከ ማታ» ብሎ መቅጠር የተለመደ ቢሆንም ከሕጉ ጋር ይጋጫል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አደጋ ወይም አስቸኳይ ሥራ ሲያጋጥም፣ የቀረ ሠራተኛን መተካት ሲያስፈልግና እንዲህ ባሉ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በየቀኑ 12 ሰዓት ሥራ ብሎ የሚነሣ ማስታወቂያ ከመነሻው ከሳምንቱ ጣሪያ በላይ ነው።

ወደ ደመወዙ እንምጣ። ለግል ድርጅቶች በአገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ «በስምምነት» የምትለው ቃል ከሳሽ የላትም። ችግሩ ቁጥሩ ቢጻፍም ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ብር ማሰባቸው ነው። ካፌያችን 10,400 ብር ይከፍላል እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ከ10,400 ብር ላይ 1,770 ብር ግብር ይቆረጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ስለሆነ 728 ብር ይሄዳል። ኩኩ እጅ የሚገባው 7,902 ብር ነው። ባለቤቱ ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ ጡረታ፣ 1,144 ብር ስለሚጨምር ወጪው 11,544 ይደርሳል። አንዱ 7,902 ይቆጥራል፣ ሌላው 11,544። ማስታወቂያው «ያልተጣራ» ወይም «የተጣራ» ካላለ የመጀመሪያው ወር ክፍያ የመጀመሪያው ጠብ ይሆናል።

ትርፍ ሰዓቱም ከዚሁ ቁጥር ይወጣል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲባል 208 ሰዓት ነው፤ 10,400 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ሥራ 50 ብር ይሆናል። ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 75 ብር፣ በሕዝብ በዓል የተሠራ በ2.5 ተባዝቶ 125 ብር ይከፈላል። ከደንበኛ የሚሰበሰበው ሰርቪስ ቻርጅ በሕጉ ደመወዝ አይባልም፤ «ደመወዝ ከሰርቪስ ጋር 13,000» ብሎ ማደባለቅ አያስኬድም። ደመወዙ ለብቻው፣ ሰርቪሱ እንዴት እንደሚከፋፈል ለብቻው ይጻፍ።

እንግዲህ ማስታወቂያው ይህን ይመስላል፦

«ቦሌ ለሚገኝ ካፌ የቁርስና የምሳ ኩክ፣ ብዛት 2። ሥራ፦ የጠዋት ዝግጅት፣ ቁርስ፣ ሳንድዊችና በርገር በቦኖ ማውጣት፣ የጾምና የፍስክ ዕቃና ዘይት መለየት፣ የምድጃ ጽዳት። ዕቃ አጣቢ አለ። ሰዓት፦ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ ቀኑ 9፡00፣ የ1 ሰዓት ዕረፍት፤ ማክሰኞ ዕረፍት። ደመወዝ፦ ያልተጣራ 10,400 ብር፤ ትርፍ ሰዓት በሕጉ መሠረት። ምግብ በካፌው። ልምድ፦ ሰው በሚበዛበት ካፌ 1 ዓመት። የጤና ምርመራ ወጪ በካፌው። ጾታ አይለይም።»

መጨረሻ ላይ ያለችው ቃል ለጌጥ አልገባችም። «ሴት ብቻ» ወይም «ወንድ ብቻ» ብሎ ኩክ መፈለግ ሕጉ የከለከለው አድልዎ ነው፤ ማንም ስለማይጠይቅ ግን በየግድግዳው ተለጥፎ ይውላል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ሙከራ። «ለሦስት ቀን እንይህ» ተብሎ በነጻ የሚሠራ ኩክ ብዙ ነው፤ ከሦስቱ ቀን በኋላ ሌላ «ሙከራ» ይገባል፤ ካፌው ለሳምንታት ያለ ክፍያ ያሠራል። ሕጉ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ሙከራ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ደመወዝ አለው። አንድ ሰው መጥበሻ መያዙን ለማወቅ ሁለት እንቁላልና አንድ በርገር ማሠራት ይበቃል፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ሥራ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ስትደውሉ «ያልተጣራ ነው የተጣራ? መውጫው ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስታወቂያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያን ጊዜ ፎቶውን አውጥታችሁ ሁለቱን አስተያዩ።