ልብ ሰባተኛ ላይ ሲወጣ

የሌኖርማን ካርታ 36 ነው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሥዕልና አንድ ቁጥር አለ፤ ውሻ፣ ዛፍ፣ መርከብ፣ ማጭድ፣ አለንጋ፣ ቀለበት፣ መልሕቅ። በስፋት የሚታወቀው ታሮት 78 ካርታ ሲኖረው ሥዕሎቹም ረጅም ትርጓሜ የሚጠይቁ ናቸው። የሌኖርማን ሥዕሎች ግን ሕፃን እንኳ የሚያውቃቸው የቤትና የመንገድ ነገሮች ናቸው። ካርታው ተገልብጦ ቢወጣም ትርጉሙ አይለወጥም፤ ቀና አድርጎ ማንበብ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ካርታ ብቻውን ምንም ያህል የማይናገር መሆኑ ላይ ነው። የሚናገረው ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን ነው።

ስሙን ያገኘው ከማሪ አን ሌኖርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 አላንሶን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወልዳ በ1843 ፓሪስ ውስጥ የሞተች፣ በናፖሊዮን ዘመን ትላልቅ ሰዎች ደጇን የጠኑ ጠንቋይ ነበረች። በዚህ ካርታ ጠንቁላለች የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። ሥዕሎቹ የመጡት ከኑረምበርግ፣ ዮሃን ካስፓር ሄክተል የሚባል ሰው በ1799 አካባቢ ካዘጋጀውና “የተስፋ ጨዋታ” ከተባለው የቤት መጫወቻ ነው። 36ቱ ካርታዎች ስድስት በስድስት ሆነው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ተጫዋቾች ዳይ እየጣሉ ጠጠር ያራምዳሉ፤ ተፈላጊው ቦታ 35ኛው፣ መልሕቁ ነው። እርሷ ከሞተች በኋላ አሳታሚዎች ዝነኛ ስሟን ለጥፈውበት የጥንቆላ ዕቃ አድርገው ሸጡት። ስለዚህ “ከሌኖርማን በቀጥታ የወረደ ምሥጢር” የሚል መጽሐፍ ካጋጠመዎት ገበያ መሆኑን ይወቁት።

እኔ ካርታ የወደፊቱን ያውቃል ብዬ አላምንም። የሚማርከኝ ንባቡ ሰዋስው ያለው መሆኑ ነው፤ ሰዋስውም ካለው ስህተትም አለው። ስህተቱ ደግሞ በጣም ጎልቶ የሚታየው ጠያቂው የሚፈልገው መልስ አስቀድሞ በልቡ ሲኖር ነው። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ፍቅር ያዘነበለ የሚመስል ወዳጅነት አይገኝም።

አንዲት ሴት እናስብ። ከአንድ ሰው ጋር ከተዋወቀች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እሑድ እሑድ አብረው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ያወራሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ እርሱ ማታ ማታ ያለ ምክንያት መደወል ጀምሯል፤ እርሷም ስልኩን ትጠብቃለች። ጥያቄዋ “ይወደኛል ወይ?” ነው። ልምድ ያለው ካርታ አንባቢ ይህን ጥያቄ አይቀበልም። የዘጠኝ ካርታ መስመር የሚተርከው ነገር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው እንጂ አዎ ወይም አይደለም ለማለት አይመችም። ስለዚህ ጥያቄው ይታረማል፤ “ይህ ወዳጅነት በሚመጡት ሦስት ወራት ወዴት ይሄዳል?” የጊዜ ወሰን ማስገባቱ ግድ ነው። ወሰን ከሌለ የትኛውም ንባብ አንድ ቀን እውነት መሆኑ አይቀርም።

ካርታው ይበወዛል፣ ዘጠኝ ይወጣል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራል። የወጣው እንዲህ ነው እንበል፦ ውሻ፣ ዛፍ፣ መጽሐፍ፣ ወፎች፣ ሽመላ፣ ተራራ፣ ልብ፣ ደመና፣ ደብዳቤ።

ዓይን ወዲያው የሚሮጠው ወደ ልብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ዓይንን ያረጋጋል። ከ36 ካርታ ዘጠኝ ሲወጣ ማንኛውም አንድ ካርታ ከዘጠኙ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ አንድ አራተኛ ነው። ልብ ወይም ቀለበት፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የሚወጣበት ዕድል ደግሞ ከመቶ 44 ያህል ነው። ስለ ቤት ኪራይ ለሚጠይቅ ሰውም ዕድሉ ያው ነው። እንግዲህ የልብ መውጣት ብቻውን ወሬ አይሆንም። የቀለበት አለመውጣትም እንዲሁ ነው፤ ከአራት ጊዜ ሦስቱን አይወጣምና “ቀለበት ስለሌለ ጋብቻ የለም” የሚሉ አንባቢዎች ያልተባለ ነገር እያነበቡ ነው። መጠየቅ ያለበት ልብ የት ቦታ ላይ፣ በማንና በማን መካከል ወጣ የሚለው ነው።

ንባቡ የሚጀምረው ከመሐል ነው። ዘጠኝ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አምስተኛው ካርታ በግራም በቀኝም አራት አራት ጎረቤት ይኖረዋል፤ የነገሩ ርእስ እርሱ ነው። እዚህ ሽመላ ነው። ሽመላ ወቅት ሲለወጥ አገር የሚቀይር ወፍ ስለሆነ ለውጥን፣ ከነበሩበት መንቀሳቀስን ያሳያል። ስለዚህ መስመሩ ገና ከወገቡ “እየተለወጠ ያለ ነገር” ይላል። ወዴት እንደሚለወጥ ግን ሽመላ አይናገርም።

ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ማንበብ ነው። ደንቡ ሁለተኛው ካርታ የመጀመሪያውን ይገልጻል፤ ፊተኛው ስም፣ ኋለኛው ቅጽል እንደማለት ነው። ውሻ በዚህ ካርታ ታማኝ ወዳጅ ነው። (በእኛ አፍ ውሻ ማለት ስድብ ነውና ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል፤ ለንባቡ ሲባል ስድቡን ደጅ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።) ዛፍ ሥር የሰደደና ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው፤ ብዙ አንባቢዎች ጤና ነውም ይላሉ፤ እዚህ ግን ከውሻ ኋላ ስለመጣና ጥያቄው ስለ ወዳጅነት ስለሆነ ሥር የሰደደ ወዳጅ ተብሎ ይነበባል። ዛፍና መጽሐፍ፦ ቀስ እያለ ያደገ፣ ያልተገለጠ ነገር፤ መጽሐፍ ምሥጢር ነውና። መጽሐፍና ወፎች፦ ምሥጢሩ የሚንጫጫው በወሬ ውስጥ ነው። ወፎች ሁለት ሰው የሚያወራው ወሬ፣ የስልክ ጥሪ፣ ትንሽም የሆድ መረበሽ ናቸው፤ የማታው ስልክ እዚህ ገባ። ወፎችና ሽመላ፦ ወሬው ቃናው እየተለወጠ ነው።

እዚህ ድረስ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ከዚያ ተራራ ይመጣል። ተራራ መዘግየትና መሰናክል ነው። ሽመላና ተራራ፦ ለውጡ ይቆማል። ተራራና ልብ፦ ፍቅር ያዘለ መሰናክል፣ ማለትም ያገደው ስሜቱ ራሱ ነው። ይህን ጥንድ “የቀዘቀዘ ልብ” ብለው የሚያነቡም አሉ፤ እነርሱ ግን ደንቡን ገልብጠውታል። ልብ ቀድሞ ተራራ ቢከተል ነበር ልቡ በተራራ የሚገለጸው።

ሥርዓቱን ለመፈተን አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ካርታ ቦታ ማቀያየርና ንባቡ ይለወጥ እንደሆነ ማየት። ሽመላንና ተራራን ብናቀያይር መስመሩ ወፎች፣ ተራራ፣ ሽመላ፣ ልብ ይሆናል፤ መሐሉን የሚይዘውም ተራራ ነው። ወሬው ይዘጋል፣ የተዘጋው ይንቀሳቀሳል፣ ለውጡም ወደ ልብ ይደርሳል። ይህ ተስፋ ያለው ንባብ ነው። የወጣው ግን እርሱ አይደለም፤ በወጣው መስመር ለውጡ ቀድሞ መጥቶ መሰናክሉ ላይ ይደርሳል። ካርታዎቹን አቀያይረው ንባብዎ ያው ከሆነ፣ የዘጠኝ ቃል መዝገበ ቃላት አገላበጡ እንጂ መስመሩን አላነበቡም።

ልብ ከተራራው ማዶ ነው፤ ቀጥሎ ደመና አለ። ደመና በብዙ እሽጎች ላይ አንድ ጎኑ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይሣላል፤ ጥቁሩ የነካውን ካርታ ያጨልማል፣ ነጩ ያቀልላል። የትኛው ጎን ጥቁር እንደሆነ ከእሽግ እሽግ ይለያያል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ንባብ ከመጽሐፍ አንሥቶ በራስ ካርታ ላይ መጫን አይቻልም። የእኛ እሽግ ጥቁሩ በግራ ነው እንበል። ጥቁሩ ወደ ልብ፣ ነጩ ወደ ደብዳቤ ዞሯል። ስሜቱ ግልጽ አይደለም፤ የሚጠራው ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

አሁን መስመሩ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። አንደኛው ከዘጠነኛው፣ ሁለተኛው ከስምንተኛው፣ ሦስተኛው ከሰባተኛው፣ አራተኛው ከስድስተኛው ጋር ይገናኛሉ፤ ሽመላ ማጠፊያው ላይ ብቻውን ይቀራል። ወፎችና ተራራ፦ የታገደ ወሬ። ስልክ አለ፤ የሚባለው ነገር ግን አይባልም። መጽሐፍና ልብ፦ የተሸሸገ ፍቅር። የመስመሩ ጠንካራ ምስክር ይህ ነው፤ ልብ በቅርብ ጎረቤቱ ሳይሆን በእጥፋቱ በኩል ከምሥጢር ጋር ተያይዟል። የማን ምሥጢር ነው? የወንድና የሴት ካርታ ስላልወጡ መስመሩ አይለይም። አንባቢው “የእርሱ ነው” ካለ ጠያቂዋን ለማስደሰት ነው፤ የእርሷም ሊሆን ይችላልና። ዛፍና ደመና፦ ነገሩን ያደበዘዘው የጊዜው ርዝመት ነው፤ ስድስት ዓመት ወዳጅ የሆነ ሰው የትናንቱ ደግነት ከዛሬው በምን እንደሚለይ ለማወቅ ይቸገራል። ውሻና ደብዳቤ፦ ከወዳጅ የመጣ መልእክት።

ታዲያ ንባቡ ሲጠቃለል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሥር የሰደደ ወዳጅነት ውስጥ ያልተነገረ ስሜት አለ፤ ወሬው ተለውጧል፤ ለውጡ እዚያው ላይ ቆሟል፤ የሚቀጥለው እርምጃ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ከወዳጁ ይመጣል። ፍቅር ይሆናል ወይ ለሚለው መስመሩ መልስ የለውም፤ ደብዳቤው ላይ ያበቃል፤ በውስጡ የተጻፈውን አያሳይም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ምን አለ ብሎ አሥረኛ ካርታ ያወጣል፣ አልጣመውም፣ አሥራ አንደኛ ያወጣል። አሥረኛው ሲጨመር መሐሉ ይጠፋል፣ እጥፋቱም ይፈርሳል፤ ከላይ የተነበበው ሁሉ መሠረቱን ያጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ማታውኑ እንደገና በውዞ መጠየቅ ነው። ልብ በአራት ጊዜ አንዴ ያህል ስለሚወጣ፣ ጥቂት ጊዜ የበወዘ ሰው የሚፈልገውን መስመር ማግኘቱ አይቀርም።

ጠንቃቃ አንባቢ የሚያደርገው ሌላ ነው። ዘጠኙን ካርታ በቅደም ተከተላቸው፣ ዓረፍተ ነገሩንና ቀኑን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከሥሩም ምን ከሆነ ንባቡ እንደተሳሳተ ይጨምራል፦ በሦስት ወር ውስጥ ሰውየው አንድ እሑድ በመንገድ ላይ ቆሞ በአፉ ከተናገረ፣ ተራራው በስህተት ተነቧል፤ ቀድማ የጻፈችው እርሷ ከሆነች፣ ውሻና ደብዳቤ በስህተት ተነበዋል፤ “ዛሬ ዝናብ ነው፣ እሑድ አንወጣም” የሚል መልእክት ደግሞ አይቆጠርም።