ያገለገለ መኪና በሪያድ፦ ፎቶግራፉ ስለ ዝገት፣ ስለ ላሜራ ክፍተትና ስለ ጎማ ምን ይናገራል?

በሪያድ ከተማ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚነሣ ሰው ፍለጋውን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በስልኩ ላይ ነው። ሻጩ እንደ «ሐራጅ» ባሉ የማስታወቂያ መድረኮች ላይ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ፎቶግራፎችን ያወጣል፤ ከሥራቸውም በጥቂት የዐረብኛ ቃላት ሁኔታውን ይገልጻል። ከመንፉሓ ተነሥቶ በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ያለን መኪና ማየት ለሠራተኛ ሰው የግማሽ ቀን ገቢ ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ፎቶግራፎቹን በጥንቃቄ ማንበብ ለየትኛው መኪና መንገድ መውጣት እንደሚገባ ለመለየት ይረዳል። ሦስት ነገሮች በተለይ ይታያሉ፤ እነርሱም ዝገት፣ በላሜራዎች መካከል ያለው ክፍተትና የጎማ አበላል ናቸው።

ከሦስቱ ሪያድ ላይ የተለየ ትርጉም ያለው ዝገት ነው። ከተማዋ ከባሕር ርቃ በነጅድ ደጋማ ምድር ላይ የምትገኝ ደረቅ ከተማ ናት፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 100 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መንገዶቿም እንደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ከተሞች በክረምት ጨው አይረጭባቸውም። ዕድሜውን በሙሉ እዚሁ የቆየ መኪና ዐሥር ዓመት ቢሞላው እንኳ ከሥሩ በአብዛኛው አቧራማና ደረቅ እንጂ የዛገ አይሆንም። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ «የሪያድ መኪና» የተባለ ተሽከርካሪ ዝገት ከታየበት፣ መጠየቅ ያለበት ዝገቱ ከየት እንደመጣ ነው።

መልሱ ከሦስት አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው የባሕር ዳርቻ ነው። በጅዳ ወይም በደማም ለዓመታት የቆየ መኪና እርጥበትና ጨው ያዘለ አየር ስለሚያገኘው ከሥሩ፣ በጭስ ማውጫው ቧንቧና በጎማ ዙሪያ ባለው የላሜራ ጠርዝ ላይ ይዝጋል። እንዲህ ያለው ዝገት በግራም በቀኝም ተመሳሳይ ሆኖ መታየቱ መለያው ነው። የሳዑዲ ሰሌዳ መኪናው በየትኛው ከተማ እንደኖረ ስለማይናገር ይህን ከሰሌዳው ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ምንጭ ውኃ ሲሆን ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 እና በኅዳር 2022 በጅዳ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ደግሞ በጎረቤት የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች የደረሱት ጎርፎች ብዙ መኪናዎችን አስጥመዋል። በሪያድም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል በመሿለኪያ መንገዶች ውስጥ ውኃ ተኝቶ ተሽከርካሪዎችን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ውኃ የገባበት መኪና ከውጭ ታጥቦና ተወልውሎ ያማረ ይመስላል፤ ዝገቱ የሚገኘው ግን ከውስጥ ነው። ወንበሮቹ በሚንሸራተቱበት ብረት ላይ፣ ወንበሩን ከወለሉ ጋር በሚያስሩት ቡሎኖች ራስ ላይ፣ በመሪው ሥር ባሉት የፔዳሎች ማጠፊያ ላይ፣ እንዲሁም ተጠባባቂው ጎማ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ይታያል። እነዚህ ቦታዎች በተለመደ አጠቃቀም ውኃ አያገኛቸውም። በእነርሱ ላይ ቡናማ ዝገት ከታየ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያበራ ወደ ሌላ ማስታወቂያ ማለፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም በሽቦዎች መጋጠሚያ ውስጥ የገባው እርጥበት ችግሩን የሚያወጣው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምንጭ ጥገና ነው። ፋብሪካው በላሜራው ላይ የሚያኖረው ዝገት ተከላካይ ሽፋን በግጭት ከተላጠ ወይም ላሜራው ተቀጥቅጦና ስቱኮ ተሞልቶ በላዩ ቀለም ከተረጨ፣ በደረቅ አየርም ቢሆን ቀለሙ ከጊዜ በኋላ እንደ ውኃ እንደቋጠረ ቁስል ያብጣል። ይህ ዝገት በአንድ ጎን ብቻ መገኘቱ ከባሕር ዳርቻው ይለየዋል።

ዝገት የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ምልክቶችም አሉ። የሪያድ ፀሐይ በኮፈንና በጣሪያ ላይ ያለውን አንጸባራቂ የላይኛ ቀለም ታቃጥላለች፤ ነጣ ያሉና የተላጡ ቦታዎች ይወጣሉ። ይህ ለዓይን አያምርም እንጂ ብረቱን የበላ ነገር የለም። በአቧራ ማዕበል ላይ ዝናብ ሲጨመር የሚቀረው ቡናማ ጭቃም በፎቶ ላይ ዝገት ይመስላል። በፍሬን ዲስክ ላይ የሚታየው ቀጭን ዝገትም መኪናው ከታጠበ በኋላ ጥቂት ቆሞ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል።

የላሜራ ክፍተት ሲባል ኮፈኑና ፓራፋንጎው፣ በሩና ምሰሶው፣ የኋላው የዕቃ መያዣ ክዳንና ጎኑ በሚገናኙበት ቦታ ያለው ጠባብ መስመር ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። በፎቶ ላይ ሚሊሜትር መለካት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚታየው መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆኑና ግራው ከቀኙ ጋር መመሳሰሉ ነው። በአንድ ጫፍ ሰፍቶ በሌላው የሚጠብ መስመር አንዱ ላሜራ ከቦታው መነቃነቁን ያመለክታል። ሆኖም የስልክ ካሜራ በጣም ቀርቦ ሲያነሣ ቅርቡን ያሰፋል፣ ሩቁን ያጠባል። በዚህም ምክንያት ከማዕዘን በኩል በተነሣ ፎቶ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ሻጩ ሦስት ወይም አራት ሜትር ርቆ፣ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ያነሣውን ፎቶ እንዲልክ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ጎማ ሲታሰብ ብዙ ገዢዎች የሚያዩት ጥርሱ መቅረቱን ነው። የተበላ ጎማ ግን በገንዘብ ይተካል፤ ትልቁ ጉዳይ የተበላበት መልክ ነው። መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ በዝቶ ነበር፤ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ደግሞ አንሶ ነበር። እነዚህ የባለቤቱን ቸልተኝነት እንጂ የመኪናውን ስብራት አያሳዩም። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ግን ጎማው ቀጥ ብሎ አልቆመም ማለት ነው። ምክንያቱ አንድ ጊዜ በአላይመንት የሚስተካከል ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ የተጣመመ የእግር ክፍል ወይም የተነካ ሻንሲም ሊሆን ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው። ለሽያጭ ሲባል አራት አዳዲስ ርካሽ ጎማዎች የገቡለት መኪና ይህን ሁሉ ማስረጃ አጥፍቶታልና፣ አዲስ ጎማ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ገዢ የ2016 ብርማ ቀለም ያለው አነስተኛ የቤት መኪና አገኘ እንበል። ማስታወቂያው «ረሽ ተጅሚሊ» ይላል፤ ይህም ለውበት ብቻ የተረጨ ቀለም ማለት ነው። በመጀመሪያው ፎቶ በኮፈኑና በቀኝ ፓራፋንጎው መካከል ያለው መስመር በመብራቱ አጠገብ ሰፍቶ ወደ መስታወቱ ሲሄድ ይጠባል፤ ግራው እኩል ነው። በሁለተኛው ፎቶ የግራው የፊት መብራት በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፣ የቀኙ ግን እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። በአምስተኛው ፎቶ የቀኙ የፊት ጎማ የውጭ ጠርዙ አልቋል፤ የግራው ደኅና ነው። በሌላ ፎቶ በቀኝ በኩል ከፓራውልቱ በላይ ትንሽ ያበጠ ቀለም ይታያል።

እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ንጹሕ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። መብራቱ በድንጋይ ተሰብሮ ተቀይሮ ይሆናል፣ ጎማው ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ይሆናል፣ ኮፈኑም ሳይስተካከል ተገጥሞ ይሆናል። አራቱም ወደ አንድ ጥግ ሲያመለክቱ ግን መኪናው በቀኝ የፊት ጥጉ ተመትቷል የሚለው ግምት ከሁሉም ይቀድማል። ከመብራቱና ከኮፈኑ ይልቅ ከባዱ ምስክር ጎማው ነው፤ ምቱ ከላሜራው አልፎ ጎማውን ወደሚሸከመው ክፍል ደርሶ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነውና።

ገዢው በዚህ ደረጃ ሦስት ፎቶዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ኮፈኑ ተከፍቶ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚዘረጉትን ረጃጅም ብረቶች ያሳያል፤ ቀኙ እንደ ግራው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ሁለተኛው ፓራፋንጎውን የሚያስሩትን ቡሎኖች ከቅርብ ያሳያል፤ ቀለማቸው በቁልፍ ከተፋቀ ፓራፋንጎው ወርዶ ነበር። ሦስተኛው መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ያሳያል፤ በተለመደው የማስታወቂያ ፎቶ ላይ ይህ ጠርዝ በጭራሽ አይታይም። ቡሎኖቹ ተነክተው ብረቶቹ ግን ቀጥ ካሉ ጉዳዩ የዋጋ ድርድር ነው። በቀኙ ብረት ላይ መጨማደድ ወይም የመበየጃ ምልክት ከታየ ግን ዋጋው ቢቀነስም መተው ይሻላል፤ በመሪው አያያዝና በሚቀጥለው ግጭት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በቅናሽ አይካካስምና።

ፎቶ የማያሳየውም አለ። በጥንቃቄ የተስተካከለ ላሜራና በደንብ የተረጨ ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ በዚህ ጊዜ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያስፈልጋል። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ በአንድ በር ላይ ብቻ 300 ወይም 600 ከተነበበ በሩ እንደገና ቀለም ተረጭቶበታል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠንም ከሥሩ ስቱኮ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። በሰናዒያ ባሉ የምርመራ ጋራዦች ይህ የተለመደ አገልግሎት ነው። የዓመታዊው ቴክኒክ ምርመራ «ፋሕስ» ግን የሚመለከተው መኪናው በዚያ ዕለት ለመንገድ ብቁ መሆኑን ነው፤ ምርመራውን ማለፉ ያልተጋጨ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

በሰነድ በኩል «ሞጀዝ» የተባለው የተሽከርካሪ ታሪክ ሪፖርት የተመዘገቡ አደጋዎችን ያወጣል። ሁለት ባለመኪናዎች ሳያስመዝግቡ በመካከላቸው የጨረሱት ግጭት ግን እዚያ አይገኝም፤ ንጹሕ ሪፖርትና ጠማማ መስመር አብረው ከተገኙ ይበልጥ የሚታመነው መስመሩ ነው። የባለቤትነት ዝውውሩ በ«አብሽር» ከጸደቀ በኋላ ሻጩን መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ምርመራው ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ሌሎቹን ፎቶዎች ሁሉ በደስታ ልኮ የቀኙን የፊት ጥግ ብቻ «ነገ እልካለሁ» የሚል ሻጭም ገዢው ሊያውቀው የፈለገውን ሳይናገር ነግሮታል።